ሹፌሩን ተደባዳቢ ያደረገው ኪቦርድ

የገዛሁት የብሉቱዝ ኪቦርድ ባትሪው ይቆያል፣ ቁልፎቹ ለጣት ይመቻሉ፣ ቦርሳ ውስጥም አይከብድም። ምስጋናው ይሄው ነው፤ አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ።

ባለፈው ለቢሮ ግሩፕ «ሹፌሩ ማታ መጣ» ብዬ ጻፍኩ። የደረሳቸው «ሹፌሩ ማታ መታ» የሚል ነው። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። «ማንን ነው የመታው? ፖሊስ ጋ ደረሰ እንዴ?» ሰውየው ቤቱ ተኝቷል።

የብሉቱዝ ኪቦርድ ፊደል ሲበላ በእንግሊዝኛ ብዙ አያስጨንቅም። የተበላሸው ቃል ብዙ ጊዜ ቀይ መስመር ይሰመርበታል። በአማርኛ ፎነቲክ ለምንጽፍ ሰዎች ግን ጉዳቱ ይከፋል። «በላ» ለማለት b፣ e፣ l፣ a እንመታለን። e ከጠፋች «ብላ» ይሆናል። «ገባ» «ግባ»፣ «ወጣ» «ውጣ» ይሆናል። ሁሉም ትክክለኛ ቃል ስለሆነ አራሚ ቢኖርም አይዘውም። ስለ ሰው የማወራ መስሎኝ ሰው አዛለሁ። ለአለቃዬ «ውጣ» የሚል መልእክት መላክ ምን እንደሚመስል አስቡት።

የሱቁ ልጅ ቢሰማኝ «ብሉቱዝ እኮ ትንሽ ይዘገያል፣ ትለምደዋለህ» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ወንድሜ፣ መዘግየቱንስ ለምጄው ነበር። ያልጻፍኩትን ሲጽፍ ግን እንዴት ብዬ ልልመደው?

«መጣ» ለምን «መታ» እንደሆነ ነገሩ እንዲህ ነው። በፎነቲክ «ጣ»ን ስንጽፍ T የምንመታው Shift ይዘን ነው፤ ያለ Shift «ታ» ይሆናል። ኪቦርዱ ለኮምፒውተሩ የሚልከው ፊደል አይደለም። በዚያች ቅጽበት የትኞቹ ቁልፎች እንደተጫኑ ነው የሚነግረው፤ Shift መጫኑም አለመጫኑም እዚያው ውስጥ ይገኛል። ፈጥኖ የሚጽፍ ሰው T ላይ ያለው ጣቱ ሳይነሳ Shiftን ይለቃል። ግንኙነቱ ከተጨናነቀና ኪቦርዱ መሃል ያለውን መልእክት ዘሎ የመጨረሻውን ብቻ ከላከ፣ ኮምፒውተሩ የሚያየው ያለ Shift የተጫነ T ነው። t ብሎ ይጽፈዋል፤ ጣ ታ ሆነ ማለት ነው።

መደጋገሙም ከዚሁ ይመጣል። ጣቴን ማንሳቴን የሚናገረው መልእክት ሲዘገይ፣ ኮምፒውተሩ ቁልፉን ይዤ የቆየሁ ይመስለዋል። ከዚያ ራሱ ይደጋግመዋል። «አበባ» ብዬ «አበባአአአአ» የወጣልኝ በዚህ ነው። ቁልፉ ራሱ ቢበላሽ ኖሮ አንድ የታወቀ ፊደል ብቻ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለቴ፣ የትም ቦታ ይደገም ነበር። የኔው ግን ዛሬ a፣ ነገ n ነው። ከስልኬ ጋር ሳገናኘው ደግሞ ምንም እንከን የለውም። ስለዚህ ጥፋቱ በመሃል ያለው አየር ላይ ነው።

አየሩን የሚረብሸውን ያገኘሁት ቪዲዮ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ስገለብጥ ነው። ዲስኩ ሲሰካ ኪቦርዱ ያብዳል፣ ሲነቀል ይረጋጋል። ለካ ዩኤስቢ 3.0 ሥራ ላይ ሲሆን ብሉቱዝ በሚጠቀምበት በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ጫጫታ ይረጫል። ኢንቴል ይህን እ.ኤ.አ. በ2012 ጽፎ አውጥቶታል። ዋይፋይም እዚያው ሰፈር ከሆነ ግፊያው ይብሳል። ዲስኩን በማራዘሚያ ኬብል ከላፕቶፑ አራቅኩት፣ ዋይፋዩን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ቀየርኩት። መደጋገሙ ጠፋ ማለት ይቻላል፤ ፊደል መዋጡም ቀነሰ።

አንድ ነገር ግን አልተወኝም። ትንሽ አስቤ ስመለስ ኪቦርዱ ተኝቷል። ለባትሪ ሲል ነው። እስኪነቃ የመጀመሪያዋ ፊደል ትቀራለች፤ «ሰላም» «እላም» ይሆናል። ዊንዶውስ ላይ የብሉቱዙን «Allow the computer to turn off this device to save power» የሚለውን ምልክት አጥፍቼዋለሁ። እሱ ግን ኮምፒውተሩ ብሉቱዙን እንዳያጠፋ ያደርጋል እንጂ ኪቦርዱን ከመተኛት አይከለክልም። አሁን ልማዴ Shiftን ብቻ ነካ አድርጎ መቀስቀስ ነው። ይሄን ያህል ብር ከፍዬ ቀስቃሽ ሆኛለሁ።

ተጸጽቻለሁ? በሥራ ሰዓት ጠይቁኝና አዎ እላለሁ። ማታ ሶፋ ላይ ሆኜ በእንግሊዝኛ ፊልም ስፈልግበት እወደዋለሁ። በጣም የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው፤ የዩኤስቢ ቀዳዳ አለው፣ ቀዳዳው ለቻርጅ ብቻ ነው። ችግር ሲመጣ ኬብል ሰክቼ እንዳልጽፍ ተከልክያለሁ። ሻጩ «በኬብልም ይሠራል» ቢላችሁ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ ኬብሉን ሰኩና ብሉቱዙን አጥፍታችሁ «መጣ» ብላችሁ ጻፉ። ምንም ካልወጣ ብራችሁን መልሳችሁ ኪሳችሁ ክተቱ።