ጦሳ ጉም ለብሶ ነው፤ ለአንዲት የደሴ ኬጂ መምህርት ምስጋና

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ወላጆች። ምዝገባ እየተቃረበ ነው። ልጃችሁን ዘንድሮ ኬጂ ልታስገቡ ካሰባችሁ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። እግረ መንገዴንም ላመሰግናት።

ልጄ ትምህርት ቤት የጀመረችው ባለፈው መስከረም፣ በአራት ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት አንድ የሕጻናት ማቆያ ሞክረን ነበር። ያኔ «መጫወቻውን እያየች ሳለ ቀስ ብለሽ ውጪ» አሉኝ። ሰማኋቸው። ሹልክ ብዬ ወጣሁ። ስትዞር የለሁም። ከዚያ ቀን በኋላ ቤት ውስጥ እንኳ መታጠቢያ ቤት ስገባ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ጀመር። ማታ ሻሼን ጨብጣ ነበር የምትተኛው። በሦስተኛው ሳምንት አስወጣኋት።

ነሐሴ ላይ ኬጂ ላስመዘግባት ስሄድ መምህርቷን አገኘኋት። ይህን ሁሉ ነገርኳት። እሷም ሦስት ነገር ጠየቀችኝ። ጠዋት ማን ያመጣታል? ከሰዓት ማን ይወስዳታል? ማታ ምን ይዛ ትተኛለች? እኔ አመጣታለሁ፤ ግን ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ የምትወስዳት እናቴ ናት አልኳት። ሻሹንም ነገርኳት። ከሦስት ቀን በኋላ በእጇ የጻፈችውን አጭር ታሪክ ሰጠችኝ። ፈቅዳልኝ ነው የማካፍላችሁ።

«ለምለም አራት ዓመቷ ነው። ዛሬ ትምህርት ቤት ትጀምራለች።

ጠዋት ነው። ይበርዳል። ለምለም በመስኮት አየች። ጦሳ የለም!

‹እማዬ፣ ጦሳ የት ሄደ?›

‹የትም አልሄደም። ጉም ለብሶ ነው። ባናየውም አለ።›

ለምለም ጫማዋን አደረገች። ምሳ ዕቃዋን ያዘች። ሆዷን ግን ባር ባር አላት።

‹እማዬ፣ አትሂጂ።›

እማዬ የሻሽ ቁራጭ አወጣች። ጫፉን ቋጠረች። ‹ይሄን ኪስሽ ውስጥ ያዢው። ማታ አብረን እንፈታዋለን።›

በሩ ጋ ደረሱ። እማዬ ሳመቻት። አንዴ በዚህ ጉንጭ፣ አንዴ በዚያ ጉንጭ። ‹እሄዳለሁ፤ እመጣለሁ› አለች። ሄደች።

ለምለም አለቀሰች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። መምህርቷ አጠገቧ ቁጭ አለች። ‹እማዬ ናፈቀችሽ? አብሽሪ፣ እኔ እዚህ ነኝ› አለቻት።

ለምለም ኪሷን ነካች። ቋጠሮው አለ። እማዬ ባትታይም አለች።

ከዚያ ዘመሩ። ከዚያ ዳቦ በሉ። ከዚያ ጋደም አሉ። ከዚያ ተጫወቱ። ከዚያ በሩ ተከፈተ። አያቷ መጡ!

በመንገድ ላይ ለምለም ቀና አለች። ጉሙ ተገልጧል። ጦሳ አለ!

ማታ እማዬ መጣች። ለምለም ቋጠሮውን አወጣች። አብረው ፈቱት።»

ይኸው ነው። ቀስ ብላችሁ ብታነቡት እንኳ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ መጀመሪያ ሳነበው ሁለት ነገር እንድትቀይርልኝ ጠየቅኋት። አንደኛ፣ ለቅሶው ይውጣ አልኳት። ልጄ ሰምታ እንዳታለቅስ ብዬ ነው። እምቢ አለች። ለምለም ሳታለቅስ ከገባች፣ ልጅሽ በሩ ላይ እንባዋ ሲመጣ ጥፋት የሠራች ይመስላታል አለችኝ። የታሪኩ መምህርትም «አታልቅሺ» አትልም፤ ልጅቷ የተሰማትን ስሙን ጠርታ ነው የምትነግራት።

ሁለተኛ፣ በሩ ሲከፈት የምትመጣው እናቷ ብትሆን ደስ ይላል አልኳት። ይሄንንም አልተቀበለችም። በእውነት የምትመጣው አያት ከሆነች ታሪኩም ውስጥ አያት መሆን አለባት። አለዚያ ልጅቷ መጀመሪያ ቀን ላይ እኔን ስትጠብቅ እናቴን ታያለች። ታሪኩ ዋሸኝ ትላለች። «ከዚያ» የሚለው ቃልም ያለ ምክንያት አልተደጋገመም። የአራት ዓመት ልጅ ዘጠኝ ሰዓት ምን እንደሆነ አታውቅም። ከዳቦው በኋላ መጋደም፣ ከጨዋታው በኋላ በሩ መከፈቱን ግን ትይዘዋለች። ቅደም ተከተሉ የክፍሉ እውነተኛ ውሎ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ስትወስዱ የልጃችሁን ክፍል ውሎ ጠይቃችሁ እሱን አስገቡበት።

ትምህርት ከመጀመሩ አሥር ቀን በፊት ማንበብ ጀመርን። በቀን አንዴ፣ ከምሳ በኋላ። ማታ እንዳላነብ ነግራኛለች። ታሪኩ ጥያቄ ያስነሳል፤ ልጅ ጥያቄ ይዛ መተኛት የለባትም። በሦስተኛው ቀን «እሄዳለሁ» ስል «እመጣለሁ» እያለች ራሷ ትጨርሰው ጀመር። በአምስተኛው ቀን ግን ድንገት «አያቷ ባይመጡስ?» አለችኝ። እኔ የምትፈራው ትምህርት ቤቱን ይመስለኝ ነበር። ለካ ተረስታ እንዳትቀር ነው። ለመምህርቷ ደወልኩ። እናትሽና ልጅሽ ከቤት እስከ በሩ ሁለት ቀን በእግራቸው ይመላለሱ አለች። ተመላለሱ። ጥያቄውን ዳግመኛ አላነሳችም።

የመጀመሪያው ቀን አለቀሰች። ቀሚሴን ያዘች። ሁለቱን ጉንጯን ሳምኩ፤ ቃሉን አልኩ፤ ወጣሁ። መምህርቷ «አንዴ ከወጣሽ ለቅሶ ሰምተሽ እንዳትመለሺ፤ ከተመለስሽ በደንብ ካለቀስኩ ትመጣለች ብላ ትይዘዋለች» ብላኝ ነበር። ሐረጎን ሳልጨርስ ስልኬ ጠራ። ለቅሶው ቆሟል፤ እጇ ኪሷ ውስጥ ነው፤ እየዘመረች ነው አለችኝ። መኪና ውስጥ እኔ አለቀስኩ።

ሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው ባሰ። ይሄንንም ቀድማ ነግራኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። በመጀመሪያው ቀን ልጅ ምን እንደሚመጣ አታውቅም፤ በሁለተኛው ታውቃለች። ሰኞ ሰኞም ያገረሻል። በሦስተኛው ሳምንት በሩ ላይ እጄን ለቃ ገባች። አንድ ቀን መንገድ ተዘግቶ አምሽቼ ገባሁ። እናቴ ቋጠሮውን ልፍታልሽ ብትላት እምቢ ብላ ጠብቃኝ ነበር።

መምህርቷ ታሪኩ ለሁሉም ይበቃል አትልም። ወር አልፎም ልጁ ቀኑን ሙሉ የሚያለቅስ፣ ምግብ የማይበላ ወይም በየጠዋቱ ሆዴን አመመኝ የሚል ከሆነ ሐኪም ይየው ትላለች። ክፍል ውስጥ የሚያስፈራው ነገር ካለም በታሪክ መሸፈን የለበትም።

በወረቀቱ ላይ ሥዕል የለም። እኔና ልጄ ጦሳን በሰማያዊ ከለር፣ ጉሙን በጥጥ ሠርተን ለጠፍንበት። እሱም ጠቅሞናል።

ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ጠይቃኛለች። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ጠይቄያት አገናኛችኋለሁ። ግማሽ ሰዓት ታስቀምጣችኋለች፤ እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች ትጠይቃችኋለች። መልሱን አስባችሁ ሂዱ። መስከረም ከገባ ጊዜ የላትም፤ ነሐሴ ሳያልቅ አግኟት።

እህቴ፣ ይሄን እንደምታነቢው አውቃለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ሻሹ አሁን መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ቋጠሮው ተፈቷል።