ስምንት ወር ቆዳዬን በስልክ ካሜራ ስከታተል ያየሁት

ስልኩን የገዛሁት ለቆዳዬ ብዬ አልነበረም። ላለፉት 8 ወራት ግን ካሜራውን አብዝቼ የተጠቀምኩበት ለዚሁ ነው። ግራ ጉንጬ ላይ ብጉር ጥሏቸው የሄደ አራት ጥቁር ምልክቶች ነበሩኝ። አዲስ ብጉር ሲወጣ ደግሞ ዙሪያው ይቀላል። የቆዳ ሐኪሜ ክሬም ስታዝልኝ ለውጡን በየእሑዱ ፎቶ እያነሳሁ ለመከታተል ወሰንኩ። ቀላል ሥራ መስሎኝ ነበር።

በሁለተኛው ወር ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ሳያቸው ምልክቶቹ በግማሽ ደብዝዘዋል። ደስ ብሎኝ ለሐኪሟ አሳየኋት። እሷ ግን አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ፊቴን አየችና «እነዚህን የት ሆነሽ ነው ያነሳሻቸው?» አለችኝ። ሳስበው የመጀመሪያዎቹን ያነሳሁት ቀን፣ መስኮት አጠገብ ነበር። የኋለኞቹን ደግሞ ማታ፣ መኝታ ቤት፣ በቢጫ አምፖል። ክሬሙ ገና ብዙም አልሠራም ነበር። የተለወጠው መብራቱ ነው።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን ሰማያዊ ብርሃንን አብዝቶ ይውጣል፤ ቀዩን ግን ያን ያህል አይነካውም። 2700 ኬልቪን ተብሎ የተጻፈበት ቢጫ አምፖል ውስጥ ያለው ሰማያዊ ብርሃን ጥቂት ነው። ስለዚህ ምልክቱም ዙሪያው ያለው ቆዳም ተቀራራቢ ብርሃን ይመልሳሉ፣ ልዩነታቸውም ይጠባል። ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ግን ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ያኔ ያው ምልክት ጠቆር ብሎ ይታያል።

የመቅላት ነገር ትንሽ ይለያል። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ይውጥና ቀዩን ይመልሳል። ቆዳ ቀልቶ የምናየው በዚያ ቦታ አረንጓዴው ስለሚጎድል ነው። በቢጫ መብራት ፊት በሙሉ ወደ ቀይ ስለሚያደላ የቀላው ቦታ እዚያው ውስጥ ይደበቃል። አንዳንድ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች ደግሞ በተቃራኒው ቀይ ብርሃን ይጎድላቸዋል። በእነሱ ሥር የተቆጣ ብጉር ግራጫ ወይም ቡናማ መስሎ ይወጣል። መብራቱ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካው CRI ካርቶናቸው ላይ 80 ተብሎ ቢጻፍም ብዙ አያጽናናም። ያ ቁጥር የስምንት ፈዘዝ ያሉ ቀለሞች አማካይ ነው። ደማቁ ቀይ R9 በሚል ለብቻው የሚለካ ስለሆነ እዚያ ውስጥ የለም።

ከዚያ በኋላ አንድ እሑድ በ10 ደቂቃ ውስጥ ያንኑ ጉንጭ ደጋግሜ አነሳሁት። ቆዳዬ በ10 ደቂቃ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ፎቶው ብቻ ነው።

በጣም ያስገረመኝ ፍላሹ ነው። ፍላሽ ከሌንሱ ጎን ስለሆነ ብርሃኑ በቀጥታ ሄዶ በቀጥታ ይመለሳል። ከቆዳ ላይ ከሚያርፈው ብርሃን ከመቶ 5 ያህሉ ወደ ውስጥ ሳይገባ ከላይ ነጥሮ ይመለሳል። ይህ ነጸብራቅ የቆዳውን ቀለም አይዝም። የመብራቱን ነጭነት ብቻ ነው የሚመልሰው። እንደኔ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ከውስጥ የሚመለሰው ብርሃን ትንሽ ስለሆነ፣ ነጸብራቁ እንደ ስስ ነጭ ሻሽ ቀለሙን ይሸፍነዋል። ፊት ወዝ ካለው ይብሳል። ስልኩን በ15 ሳንቲ ሜትር ሳስጠጋው የጉንጬ መሃል ነጣ፣ ጆሮዬ አካባቢ ጠቆረ። ሁለት ምልክቶች ጠፉ፤ የሌለ ጥቁረት ደግሞ ጠርዙ ላይ ተፈጠረ።

ሁለተኛው ጉድ ቀይ ሹራቤ ነው። ካሜራው ፍሬሙ ውስጥ ብዙ ቀይ ሲያይ መብራቱ የቀላ ይመስለውና ቀዩን ይቀንሳል። ሹራቡን ለብሼ ባነሳሁት ፎቶ የብጉሬ ዙሪያ ሰላማዊ ይመስላል። በግራጫ ቲሸርት ያነሳሁት ላይ ግን ቅላቱ በግልጽ ይታያል። ፎቶ የሚነሳ ሰው ልብሱን ማን ያስባል? እኔም ለወራት አላሰብኩም።

ስለ ፊልተር ብዙ አልልም። ቆዳ የሚያለሰልስ ፊልተር ከዙሪያው የተለየ ትንሽ ነገር ይፈልግና ከዙሪያው ጋር ያመሳስለዋል። እኛ ልንከታተለው የምንፈልገውም ያንኑ ነው። የኔ ስልክ ላይ Beauty የሚለው ለሰልፊ ካሜራው ከመጀመሪያው በርቶ ነበር፤ ያወቅኩት በሦስተኛው ወር ነው። አሁን በኋላ ካሜራ ብቻ ነው የማነሳው።

አሁን የማደርገው ይህን ነው። ፊቴን ከታጠብኩ በኋላ 20 ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ ሙቅ ውሃና ማሸት ራሳቸው ያቀላሉ። ቀጥተኛ ፀሐይ የማይገባበት መስኮት ፊት ለፊት፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት እቆማለሁ። የክፍሉን አምፖል አጠፋለሁ። ቅንብሩን በእጅ በሚያስተካክሉበት Pro ሞድ የቀለም ሚዛኑን WB 5500 ላይ፣ ለብርሃን ያለውን ስሜት ISO 100 ላይ አስሬ፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር ያለ ፍላሽ አነሳለሁ። ከጉንጬ አጠገብ የፎቶ አንሺዎች ግራጫ ካርድ እይዛለሁ። ነጭ ወረቀት ሞክሬ ነበር። ግን ብዙ ወረቀት ላይ የሚጨመረው ማንጪያ በቀን ብርሃን ሰማያዊ ስለሚያደርገው ለዚህ አይሆንም። ካርዱ ፎቶው ላይ ቢጫ ወይም ሰማያዊ መስሎ ከወጣ ያንን ፎቶ እጥለዋለሁ።

የአንድን ፎቶ ምልክት ከሌላ ፎቶ ምልክት ጋር በቀጥታ ማወዳደርም ትቻለሁ። በዚያው ፎቶ ላይ ምልክቱን አጠገቡ ካለው ጤነኛ ቆዳ ጋር ነው የማወዳድረው። ቀለም የሚያነብ መተግበሪያ ለእያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ሦስት ቁጥር ይሰጣል፤ እኔ የማየው የአረንጓዴውን ነው። መቅላትም ጥቁረትም እዚያ ላይ በደንብ ይታያሉና። በትክክል ማንሳት በጀመርኩ ሰሞን ትልቁ ምልክት 91፣ አጠገቡ ያለው ቆዳ 118 ነበር። ሲካፈል 0.77 ይሆናል። በስምንተኛው ወር 112 እና 124 ሆኑ፤ 0.90 ማለት ነው። ወደ 1 በቀረበ ቁጥር ምልክቱ ከቆዳው ጋር እየተመሳሰለ ነው። ሁለተኛው ፎቶ በጠቅላላው ፈካ ያለ ቢሆንም ንጽጽሩ ያን ያህል አይዛባም። ቁጥሩ ግን የላቦራቶሪ ልኬት አይደለም። መብራቱና ቅንብሩ ከተለወጡ ዋጋ የለውም። ቅላቱንና ጥቁረቱንም አይለይም። ለዚያ ንጹሕ ብርጭቆ በቀስታ ተጭኜ አያለሁ። ደም ሥሩ ሰፍቶ የቀላው ሲጫኑት ይደበዝዛል፤ ሜላኒኑ ግን ባለበት ይቆያል።

ለሐኪም በቻት ስትልኩም እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ይታመቅና መጀመሪያ የሚጎዳው የቀለሙ ዝርዝር ነው።

ካሜራውን እወደዋለሁ። አውቶማቲክ የሚያደርጋቸውን ነገሮች ካጠፋሁበት ወዲህ አምነዋለሁ። በራሱ ፈቃድ ስተወው ግን ሁልጊዜ ቆንጆ ፎቶ ሊሰጠኝ ይሞክራል፤ እኔ የምፈልገው ደግሞ ያንን አይደለም።

ከአራቱ ምልክቶች ሦስቱ ደበዘዙ። አራተኛው ግን ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። አንድ ቀን ሳላስበው ወደ መስኮቱ ትንሽ ዞሬ አነሳሁትና ከፎቶው ጠፋ። ተመልሼ ስዞር እንደገና መጣ። ጥቁረት ቢሆን ኖሮ ዞርኩ ብዬ አይጠፋም። ለሐኪሟ ሁለቱንም ፎቶዎች አሳየኋት። በጣቷ ዳሰሰችውና ጎድጎድ ያለ ጠባሳ ነው አለችኝ፤ ጥቁር የመሰለኝ ጥላው ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ክሬሙን እንዳቆም ነግራኛለች።