የካርታ ስሞችን ከወረቀት ለማውጣት የቱ ይሻላል? ነፃው፣ የሚከፈልበት ወይስ በእጅ

አንድ አስጎብኚ ጓደኛዬ ጥቅል ወረቀት በብብቱ ይዞ ፒያሳ መጣ። የጎንደር ካርታ ነው፣ ኤ2 የሚባለው መጠን፣ አማርኛም እንግሊዝኛም የተጻፈበት፣ ወደ 180 ስም ያለበት። ለእንግዶቹ የቦታ ማውጫ ሊያዘጋጅ ፈልጎ ነበር። ከዚያ በፊት ግን ስካን ለሚያደርግ አንድ ቤት ሰጥቶት የተመለሰለትን ፋይል አሳየኝ። «ፋሲል ቀ ማራኪ ሃ ግቢ ደብረ ወ» እያለ ይቀጥላል። ፊደሎቹ ትክክል ናቸው። ግን የቀሃ ወንዝ ስም ተበታትኖ በሌሎች ስሞች መሃል ገብቷል፣ ፋሲል ግቢም ለሁለት ተከፍሏል። ገንዘቡን ከፍሎበታል፣ ምንም አልሠራለትም።

ችግሩ የመጣው ካርታን እንደ ደብዳቤ ከማንበብ ነው። ደብዳቤ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ካርታ ላይ ግን ጽሑፉ ያለበት ቦታ፣ ያዘነበለበት ማዕዘንና መጠኑ ራሳቸው ትርጉም አላቸው። የወንዝ ስም ወንዙን ተከትሎ ይታጠፋል። የሰፈር ስም ሰፈሩን ለመሸፈን ፊደሎቹ ተራርቀው ይጻፋሉ። የቤተ ክርስቲያን ስም ከምልክቱ አጠገብ በትንሹ፣ አንዳንዴም በሁለት መስመር ተደርቦ ይቀመጣል። ስለዚህ መሣሪያ ስትመርጡ «ስንት ፊደል በትክክል ያነባል?» ከማለታችሁ በፊት «የእያንዳንዱን ስም ቦታና ማዕዘን አብሮ ይሰጠኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቦታውን ከያዛችሁ ቅደም ተከተሉን ራሳችሁ ታበጃላችሁ። ቦታው ከጠፋ መልሶ የሚያመጣው የለም።

ሦስቱንም መንገድ በዚሁ ካርታ ላይ ሞክሬያቸዋለሁ።

ነፃው፦ ቴሴራክት

ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ላፕቶፕ ላይ ይጫናል፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ አማርኛም ያነባል። ዋጋው ጊዜያችሁ ነው። በተለመደው አሠራሩ ግን አግድም የተጻፈ መስመር ነው የሚጠብቀው። ጥቂት ዲግሪ ዘንበል ቢል ይታገሳል፣ 30 ወይም 40 ዲግሪ ሲሆን ግን ወይ ጭራሽ አያየውም ወይ ዝባዝንኬ ያወጣል። መፍትሔው ካርታውን ራሱን በየ15 ዲግሪው እያዞሩ 13 ጊዜ ማስነበብ ነው። `--psm 11` የሚለው ደግሞ የተበታተነ ጽሑፍ እንዲፈልግ፣ `tsv` ቦታውን አብሮ እንዲጽፍ ያዘዋል።

```
for a in -90 -75 -60 -45 -30 -15 0 15 30 45 60 75 90; do
  magick karta.png -rotate $a r.png
  tesseract r.png out$a -l amh+eng --psm 11 tsv
done
```

ከዚያ ቦታዎቹን በተዞሩበት ልክ ወደ ኋላ መመለስ፣ አንድ ስም በ30ም በ45ም ዲግሪ ከተነበበ ማሽኑ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ የሚያሳየው `conf` የሚለው ቁጥር ከፍ ያለበትን ማስቀረት ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የተጻፈ ነገር በአንደኛው ዙር በትክክል፣ በሌላኛው ተዘቅዝቆ ይነበባል። የቀበሌ 18 ቁጥር ተዘቅዝቆ 81 ሆኖ መጣልኝ፣ ማሽኑም በልበ ሙሉነት ነው ያነበበው። ጎንደርን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይይዘዋል፣ የማያውቅ ግን ያሳልፈዋል።

መጠንም ራስ ምታት ነው። በካርታው ላይ የትንሹ ጽሑፍ የፊደል መጠን 6 ነጥብ ያህል ነው። በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ፒክስል፣ ስካን ቢደረግ መስመሩ በሙሉ 25 ፒክስል ብቻ ይሆናል፣ ፊደሉ ራሱ ደግሞ ከዚያም ያንሳል፣ ስለዚህ «ሰ»ን ከ«ሱ»ና ከ«ሲ» መለየት ይቸግረዋል። በ600 ስካን ስታደርጉ ትንንሾቹ ይነበባሉ፣ ግን ያኔ ትልልቆቹ የሰፈር ስሞች ከመጠን በላይ ገዝፈው ያልፉታል። ሁለት ጊዜ ማስነበብ ያስፈልጋል፦ አንዴ በሙሉ መጠን፣ አንዴ ምስሉን ሩብ አድርጎ።

የሚከፈልበት፦ ጉግል ክላውድ ቪዥን

ምስሉን በኢንተርኔት ትልኩለታላችሁ፣ ቃላቱን ከነቦታቸው ይመልሳል። በወር የመጀመሪያዎቹ 1000 ምስሎች ነፃ ናቸው፣ ከዚያ በኋላ ለ1000 ምስል 1.50 ዶላር ነው። ለአንድ ካርታ ሲባል ነፃ ነው ማለት ይቻላል፣ ነገር ግን የክፍያ ካርድ ሳይመዘገብ አይከፈትም፣ እኛ አገር ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በ600 ዲፒአይ የተነሳ ኤ2 ደግሞ ወደ 139 ሚሊዮን ፒክስል ስለሚሆን በአንድ ጊዜ አይላክም፣ መቆራረጥ አለበት። ስትቆርጡ ቁራጮቹ ይደራረቡ። መደራረቢያው ከረጅሙ ስም ካነሰ ስሙ ሁለቱም ቁራጭ ላይ ተቆርጦ ይቀራል።

ከቴሴራክት የሚበልጥበት ዋና ነገር ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ቃል አራት የጥግ ነጥብ ይሰጣል፣ የነጥቦቹም ተራ ጽሑፉ ከሚነበብበት አቅጣጫ ይጀምራል። ቃሉ ቢያዘነብልም ቢዘቀዘቅም የመጀመሪያው ነጥብ የቃሉ መነሻ ላይኛ ጥግ ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ነጥብ መስመር ብታሰምሩ ማዕዘኑን አገኛችሁ።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም በአንድ ስም ላሳያችሁ። «አንገረብ ወንዝ» ስካኑ ላይ 200 ፒክስል ይረዝማል፣ ፊደሉ 30 ፒክስል ቁመት አለው፣ 40 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። ቀጥ ባለ ሳጥን ቢከበብ ሳጥኑ 172 በ152 ይሆናል። እንግዲህ ስሞቹን በመጠን ልደርድር ብላችሁ የሳጥኑን ቁመት ብትወስዱ፣ የወንዙ ስም 152 ፒክስል ሆኖ ከከተማዋ ስም በላይ ይቀመጣል። በአራቱ ነጥቦች ግን አጭሩ ጎን ያው 30 ነው። የቴሴራክት ሳጥን ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ስለሆነ ትክክለኛውን ቁመት የምታገኙት ስሙ አግድም በሆነበት ዙር ላይ ብቻ ነው።

ቪዥንም ግን ጉድለት አለው። ስም ሳይሆን ቃል ነው የሚመልሰው። «ደብረ» «ብርሃን» «ሥላሴ» ሦስት ሆነው ይመጣሉ፣ እናንተ ናችሁ የምታገጣጥሙት። እኔ ያገጣጠምኩት ማዕዘናቸውና ቁመታቸው ተቀራራቢ ከሆነና በመሃላቸው ያለው ክፍተት ከአንድ ፊደል ቁመት ካልበለጠ ነው። ለአብዛኛው ሠራ፣ ተራርቀው ለተጻፉት ግን አልሠራም። «ማ   ራ   ኪ» ለማሽኑ ሦስት የማይተዋወቁ ፊደሎች ናቸው። ደንቡን አላልቼ ክፍተቱን ሳሰፋው ደግሞ ጎረቤት ስሞች ተጣበቁ። ከውጤቱ መጀመሪያ ላይ የሚመጣውን ሙሉ ጽሑፍም አትጠቀሙበት። እሱ ማሽኑ በራሱ ግምት የደረደረው ነው፣ የጓደኛዬ የተበላሸ ፋይልም መልኩ ልክ እንደዚያ ነበር።

በእጅ፦ ኪውጂአይኤስ

የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም ነው፣ ነፃም ነው። ስካኑን ታስገባላችሁ፣ ቦታቸውን የምታውቋቸውን ጥቂት ነጥቦች ከእውነተኛው መልክዓ ምድር ጋር ታስተሳስራላችሁ፣ ከዚያ በየቦታው ነጥብ እየጣላችሁ ስሙን ትጽፋላችሁ። ለአንድ ስም አንድ ደቂቃ ብንይዝ 180 ስም ሦስት ሰዓት ነው። ለዚህ ካርታ በመጨረሻ የመረጥኩት ይህንኑ ነው፣ ምክንያቱም ሁለቱም ማሽኖች የማይችሉት አንድ ነገር አለ። ማሽን ጽሑፉ የት እንዳለ እንጂ ጽሑፉ የየትኛው ምልክት እንደሆነ አያውቅም። የቁስቋም ስም ከመስቀሉ በስተቀኝ ቢጻፍ ሰው ነጥቡን መስቀሉ ላይ ይጥላል፣ ማሽን ግን ባዶው ሜዳ ላይ። የሰው ስህተት ሌላ ነው፣ ስም ይዘላል። ስለዚህ ሌላ ሰው ካርታውን በየክፍሉ እየሸፈነ ስሞቹን ይቁጠር፣ ቁጥሩ ካልገጠመ ያን ክፍል ብቻ መልሶ ማየት ነው።

ቅደም ተከተሉስ?

ከላይ ወደ ታች መደርደር ቀላሉ ነው፣ ለካርታ ግን ደካማው። ሁለት ስሞች ጎን ለጎን ሆነው አንዱ በሦስት ፒክስል ዝቅ ካለ ተራው ይገለበጣል። ያዘነበለ ስም ደግሞ አናቱ ሩቅ ስለሚወጣ ከቦታው በፊት ይጠራል። ግድ ከሆነባችሁ አናቱን ሳይሆን የስሙን መሃል ተጠቀሙ። በመጠን መደርደር ካርታውን ለሚያስተዋውቅ ጽሑፍ ጥሩ ነው፣ ትልቁ ቀድሞ ይመጣል።

ለማውጫ ግን የሚሻለው ፊደል ተራ ከነካሬው ነው። ካርታውን በ6 ሴንቲሜትር ካሬ ከፈልኩት፣ 10 በ7 ሆነ። ለዓምዶቹ ሀ ለ መ ረ ሰ ሸ ቀ በ ተ ቸ ሰጠሁ። ሐን እና ሠን ሆን ብዬ ነው የዘለልኳቸው፣ አንዱ አስጎብኚ ለሌላው በስልክ «ሀ4» ሲለው የትኛው «ሀ» እንደሆነ እንዳይምታታ። ወንዝ ብዙ ካሬ ስለሚያቋርጥ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ካሬ ጻፍኩ።

ፊደል ተራው ላይ አንድ የኛ ችግር አለ። ኮምፒውተር ሠን ከመ ቀጥሎ፣ ሰን ደግሞ ከረ በኋላ ነው የሚያስቀምጠው። አንዱ ካርታ «ሥላሴ»፣ ሌላው «ስላሴ» ካለ ሁለቱ ተራርቀው ይወጣሉ፣ የሚፈልግ ሰውም አላገኘሁትም ብሎ ይዘጋዋል። መፍትሔው ሁለት ዓምድ መያዝ ነው። በአንዱ ካርታው ላይ እንዳለው ትጽፋላችሁ፣ በሌላው ሞክሼ ፊደሎችን ወደ አንድ አምጥታችሁ በእሱ ትደረድራላችሁ። የሚታተመው የመጀመሪያው ነው።

እንግዲህ አንድ ካርታ ብቻ ከሆነ፣ ስሞቹም ከ200 የማይበልጡ ከሆነ፣ ጎንደርን ለሚያውቅ ሰው ከፍላችሁ በእጅ አሠሩት። በደርዘን የሚቆጠር ካርታ ካላችሁና ካርድ ካላችሁ ቪዥን አንብቦ ሰው ቢያርመው ይሻላል። ቴሴራክትን የምመክረው ጽሑፉ በአብዛኛው አግድም ለሆነ ካርታ፣ ወይም ኢንተርኔት ለሌለውና ኮድ ለማይፈራ ሰው ነው።

ለሌላ ሰው የምትሰጡት ከሆነ ደግሞ ሙሉውን ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ስም ብቻ አስሞክሩት፦ አንድ የታጠፈ የወንዝ ስም፣ አንድ ተራርቆ የተጻፈ የሰፈር ስም፣ አንድ በሁለት መስመር የተደረበ የቤተ ክርስቲያን ስም። ሦስቱም ሳይበታተኑ፣ እያንዳንዳቸው ከነቦታቸው በአንድ መስመር ከመጡ ቀሪውን ስጡት።