የጣት ምርመራ ወይስ ኤችቢኤዋንሲ?

ደብረ ማርቆስ ያሉ አንድ አባት ጠዋት ጠዋት ጣታቸውን ወግተው ሲለኩ ስኳራቸው 115 አካባቢ ነው። ኤችቢኤዋንሲያቸው ግን 8 በመቶ ወጣ። ማን ዋሸ? ማንም።

የጣት ምርመራ፦ የዚያችን ደቂቃ ስኳር ብቻ ያሳያል። ቤት ውስጥ ይሠራል፤ ስኳር ድንገት ሲወርድ የሚደርሰው እሱ ነው።

ኤችቢኤዋንሲ፦ በቀይ የደም ሴል ሄሞግሎቢን ላይ የተጣበቀውን ስኳር ይለካል። ሴሉ አራት ወር ገደማ ስለሚኖር ውጤቱ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት ያሳያል፤ ከእንጀራ በኋላ የሚወጣውም ይቆጠራል። 8 በመቶ ማለት በአማካይ 183 ገደማ ነው። እንግዲህ አባታችን ጾም ላይ ብቻ ሳይሆን ምግብ ከጀመሩ ከ2 ሰዓት በኋላም ይለኩ፤ የተደበቀው እዚያ ሊሆን ይችላል።

ሕክምናው በጠቅላላው መሥራቱን ለማየት ኤችቢኤዋንሲ ይሻላል። ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት የከረመ ወይም በቅርቡ ደም የተሰጠው ሰው ግን ውጤቱ ዝቅ ብሎ ሊያታልለው ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገር፤ ለጊዜው የጣቱን ልኬት ይከታተል።