መለያው ላይ አውራ ጣት ያረፈበትን ድሪል እንዳትገዙ

ትናንት 11,000 ብር ተበላሁ። ንዴቱ ሳይበርድልኝ የምጽፈው ነገ ሌላ ሰው በዚያው ፎቶ እንዳይታለል ነው።

ያገለገሉ መሣሪያዎችን በቴሌግራም የሚሸጡትን ታውቋቸዋላችሁ። አንድ ፎቶ ይለጥፋሉ፣ «ከውጭ የመጣ፣ ንጹሕ ዕቃ» ይላሉ፣ ስትደውሉ ደግሞ «ሌላ ሰው መንገድ ላይ ነው» ብለው ያጣድፏችኋል። የእኔው ሻጭ መርካቶ ነው ያለው፤ ከፎቶው ሥር «ቦሽ GBH 2-26፣ የኮንክሪት» ብሎ ጽፏል። እኔ አዳማ የኤሌክትሪክ መስመር የምዘረጋ ሰው ነኝ። የኮንክሪት ምሰሶ የሚበሳ፣ መሮ ተሰክቶበት ለቱቦ የሚሆን ቦይ ግድግዳ ላይ የሚያወጣ መሣሪያ ስፈልግ ወራት ሆኖኛል።

ፎቶውን አስፍቼ አየሁት። አካሉ ሰማያዊ ነው። ቦሽ ለቤት ውስጥ ሥራ የሚሠራቸውን አረንጓዴ፣ ለባለሙያ የሚሠራቸውን ሰማያዊ እንደሚያደርግ ስለማውቅ ልቤ አረፈ። መለያው ላይ የያዘው ሰው አውራ ጣት ተጋድሟል፤ ከጣቱ ሥር ያመለጠው «00 W» የሚለው ብቻ ነው። የምፈልገው መሣሪያ 800 ዋት መሆኑን ስለማውቅ ስምንቱን በሐሳቤ ሞላሁት። ማንም አላስገደደኝም፤ ዓይኔ ያላየውን ምኞቴ አነበበው።

ከሁሉ በላይ የሚያቃጥለኝ ግን የፑንታ መያዣው ነው። በግልጽ ይታይ ነበር፤ ዙሪያውን ጥርስ ያለው፣ በቁልፍ የሚጠብቅ ባለ ሦስት መንጋጋ። GBH ደግሞ አፉ ላይ ጥቁር ጎማ አለው፤ ፑንታው ጎድጎድ ያለ እግር ስላለው ያለ ቁልፍ ገፋ ሲያደርጉት ይያዛል። ይህን አውቃለሁ፤ ስለዚህም ደውዬ ጠየቅሁት። «ወንድሜ፣ ተለዋጭ ነው፤ ሌላኛው ሣጥኑ ውስጥ አለ» አለኝ። ውሸቱ የተዋጣለት ነበር፤ ምክንያቱም GBH 2-26 DFR የሚባለው በእርግጥ ተለዋጭ መያዣ አለው። ነገር ግን የእርሱ ተለዋጭ በእጅ የሚጠብቅ እንጂ የቁልፍ ጥርስ ያለው አይደለም። ለሌላው GBH የሚገጠም ባለ ቁልፍ መያዣም ቢሆን በራሱ እግር በጎማው አፍ ውስጥ ስለሚገባ ጎማው ከኋላው ይታያል። በፎቶው ላይ ጎማ የለም፤ መያዣው በቀጥታ ከድሪሉ አንገት ላይ ተቀምጧል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ብሩን በባንክ ላክሁለት።

ዕቃው ማታ በአውቶቡስ ደረሰኝ። ካርቶኑን ሳነሣው ነው የገባኝ። GBH 2-26 ወደ ሦስት ኪሎ የሚጠጋ ነው፤ ይህ ሁለት ኪሎም አይሞላም። አውጥቼ መለያውን ሳነብ GSB 13 RE፣ 600 W ይላል። ተለዋጭ የተባለው መያዣ የለም። GSB በራሱ መጥፎ ድሪል አይደለም፤ ለብሎኬትና ለእንጨት ይሆናል። ምቱ የሚመጣው ግን ሁለት ጥርሳም ብረቶች ሲፋተጉ ስለሆነ ኮንክሪት ላይ በክንዴ ኃይል መግፋት አለብኝ። GBH ውስጥ አየር የሚያምቅ ፒስተን ስላለ ራሱ ይመታል። በGSB ደግሞ መሮ ተክሎ ግድግዳ መፈልፈል ጭራሽ አይቻልም፤ ሳይሽከረከር የሚመታበት ማርሽ የለውም።

ዛሬ ጠዋት ይዤው መርካቶ ወረድሁ። ልጁ ከወንበሩ አልተነሣም። ስልኬን ተቀብሎ የራሱን ፎቶ አየና ድሪሉን አጠገቡ አደረገው። «ፎቶው ላይ ያለው ይኸው አይደለም? አይተህ ነው የገዛኸው» አለኝ። GBH ብሎ የጻፈውን ሳሳየው ጽሑፉን ሌላ ሰው እንደለጠፈው ነገረኝና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። አብሮት የነበረው ሰው «ባለሙያ ነኝ ይላል ደግሞ» ሲል ሰማሁት። መልስ አጣሁ፤ ፎቶው እውነቱን ነበርና የነገረኝ።

እባካችሁ ጣቱን አንሥቶ መለያውን ሙሉ በሙሉ ዳግም ፎቶ እንዲያነሣ ጠይቁ፤ እምቢ ካለ ተዉት። ቀለሙ ለባለሙያ የተሠራ መሆኑን እንጂ የድሪሉን ዓይነት አይነግራችሁም፤ መያዣው ይነግራችኋል። ማስታወቂያው አሁን ስጽፍ አልወረደም፤ ያው ፎቶ፣ ያው አውራ ጣት፣ ዋጋው ግን 12,000 ሆኗል።