«ሙሉ ሃይብሪድ» ብለው ካሜራ ብቻ ለሚያመጡላችሁ አትክፈሉ

ጉባኤ ለምታዘጋጁ ሁሉ፣ እኛ የተሸወድንበትን ልንገራችሁ። ባለፈው ሰኔ የሙያ ማህበራችንን ዓመታዊ ጉባኤ አዲስ አበባ ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ አካሄድን። 80 ገደማ ሰው አዳራሽ ውስጥ፣ 30 ገደማ አባል ደግሞ ከዋሽንግተንና ከአውሮፓ በኢንተርኔት። ፕሮፎርማው «ሙሉ የሃይብሪድ አገልግሎት» ይላል፣ ግማሹን ክፍያ ቀድመን ሰጠን። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ይህንኑ ዕቃ በዚሁ ስም የሚሸጠው እሱ ብቻ አይደለም።

በዕለቱ የመጣው አንድ ካሜራ ነው። ከአዳራሹ ጀርባ ተተከለና ምስሉ በዩቲዩብ ተለቀቀ። ድምፁን የሚወስደው ካሜራው ራሱ ላይ ካለው ማይክ ስለነበር፣ ውጭ ያሉት ከተናጋሪው ይልቅ የቡና ሲኒና የወንበር ድምፅ ሲሰሙ አረፈዱ። ከሁሉም የባሰው ግን መዘግየቱ ነው። ዩቲዩብ ላይቭ እንደ አስተካከሉ ከጥቂት ሰከንድ እስከ ግማሽ ደቂቃ ይዘገያል፤ የእኛን በሰዓት ስይዘው 25 ሰከንድ ገደማ ሆነ። መድረክ መሪው «ጥያቄ ያለው?» ሲል እነሱ ገና የንግግሩን ማጠቃለያ እየሰሙ ነው። የጻፉትም ጥያቄ ቻቱን የሚያይ ሰው ስላልተመደበ እዚያው ቀረ። ጠዋት 3 ሰዓት ስንጀምር ዋሽንግተን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር። ለመጠየቅ ብሎ እንቅልፉን ያጣ አባል ስንቱን ታዝቦን ይሆን!

ከምሳ በኋላ ተቆጥተን ዙም አስከፈትን፤ ዙም መዘግየቱ ከሰከንድ በታች ስለሆነ መነጋገር ይቻላል። ከቨርጂኒያ አንዲት እህታችን ጥያቄ ጀመረች፣ ሁለት ቃል እንደተናገረች ዝም አለች። «የራሴ ድምፅ እየተመለሰ ያቋርጠኛል» አለች። ቴክኒሺያኑ «የሷ ኢንተርኔት ነው» ብሎ ድምፁን ዘጋው።

የሷ ኢንተርኔት አልነበረም። ጥፋቱ ድምፆቹን ሁሉ የሚያቀላቅለው ሚክሰር ላይ ነው። የሷ ድምፅ ከላፕቶፑ ወጥቶ ወደ ሚክሰሩ ይገባል፣ ከዚያ በአዳራሹ ስፒከር ይሰማል። ቴክኒሺያኑ ግን ወደ ዙም የሚመለሰውን መስመር ያወጣው ከዋናው መውጫ ስለሆነ፣ ሚክሰሩ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ የሷም ድምፅ ጭምር፣ ወደሷ ይመለሳል። ትክክለኛው አሠራር ኦክስ ከሚባለው መውጫ መላክ ነው፦ በዚያ መስመር የመድረኩና የጠያቂዎቹ ማይክ ይከፈታል፣ ከላፕቶፑ የሚመጣው ድምፅ ብቻ ዜሮ ይደረጋል። ባለሙያዎቹ ሚክስ ማይነስ ይሉታል። ኦክስ ባለው ሚክሰር ላይ ተጨማሪ ዕቃ አያስገዛም፣ አንድ ኬብልና አንድ ቁልፍ ማዞር ነው። (የመድረኩ ማይክ ከስፒከሩ ፊት ከቆመ ግን ድምፁ በአየር ተመልሶ ይገባል፤ ስለዚህ ስፒከሮቹ ከማይኮቹ ቀድመው ወደ ታዳሚው ዞረው መቆም አለባቸው፣ ውጭ ያለው ሲናገርም ሥራ ላይ ያልሆነ ማይክ ይዘጋል።)

ስለዚህ ዋጋ ከመደራደራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ከውጭ የሚናገረው ሰው የራሱን ድምፅ እንዳይሰማ ምን ታደርጋላችሁ?» «ዙም ራሱ ያስተካክለዋል» ካሏችሁ ሌላ ፈልጉ። ዙም ማሚቶ የሚቀንስበት መንገድ አለው፣ ነገር ግን በኬብል ቀጥታ የምትመልሱለትን ድምፅ እንዲያጠፋላችሁ አትመኑበት።

ከጉባኤው በፊት ባለው ቀን ደግሞ ሙከራ ይደረግ፣ በሚሠራበት አዳራሽና ዕቃ። አንድ ሰው ስልኩን ይዞ ወደ ግቢ ይውጣ፤ የሆቴሉን ዋይፋይ አጥፍቶ በዳታ ዙም ውስጥ ይግባ። አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ረድፍ የተቀመጠ ሰው በማይክ ይጠይቅ፣ ግቢ የወጣው ሰው ጥያቄውን ቃል በቃል ይድገም። ከዚያ እሱ ከስልኩ ይጠይቅና መድረክ ላይ ያለው ይመልስለት። ጥያቄው ካልተሰማ ለአዳራሹ ታዳሚ የሚዞር ማይክ የለም ወይም ድምፁ ወደ ዙም አልተላከም ማለት ነው፤ የራሱ ድምፅ ከተመለሰበት ሚክስ ማይነሱ አልተሠራም፤ ከስልኩ መናገር ካልቻለ ወይም የሚሰማው በብዙ ሰከንድ ከዘገየ ዙም ብለው ዩቲዩብ ሰጥተዋችኋል። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።

ሰውም ይመደብ። የውጭዎቹን እጅና ቻት ብቻ የሚያይ፣ ከመድረክ መሪው አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ሰው። ተራው አንድ ከአዳራሽ፣ አንድ ከውጭ ይሁን፤ አለበለዚያ ማይክ የጨበጠው ሰዓቱን ይጨርሰዋል፣ የእኛን ሰው ታውቁት የለ።

እኛ ቀሪውን ግማሽ ላለመክፈል ተከራክረን ነበር። ውሉን አወጡና አሳዩን፦ «ቀጥታ ስርጭት» ይላል፣ ስለ ጥያቄ አንድ ቃል የለውም። ከፈልን። ዘንድሮ በውላችን የገባው ዓረፍተ ነገር ይኸው፣ ውሰዱት፦ «ቀሪው ክፍያ የሚፈጸመው በርቀት ያለ ተሳታፊ በድምፁ ጠይቆ፣ የራሱ ድምፅ ሳይመለስበት ከመድረክ መልስ ማግኘቱ ከጉባኤው በፊት በነበረው ቀን በሙከራ ከተረጋገጠና በጉባኤው ዕለትም በዚያው መልኩ ከተሠራ ነው።»