በሥዕሉ ላይ ከፍ ያለው ጣሪያ፦ የካፌ ዲዛይን ለምታሠሩ ሁሉ ማስጠንቀቂያ

ካፌ ወይም አነስተኛ ሱቅ ለመክፈት ተነሥታችሁ «የውስጥ ዲዛይን በሥሪዲ እንሠራለን» ከሚሉት ቢሮዎች አንዱን እያነጋገራችሁ ከሆነ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ስለሆነ ቃሌ ቢሻክር ይቅርታ አድርጉልኝ። አሠራራቸውን ታውቁታላችሁ፤ በትልቅ ስክሪን የሌላ ሰው ካፌ ያሳያሉ፣ ማኪያቶ ይጋብዛሉ፣ ግማሹን ክፍያ ይቀበላሉ፣ ከዚያ ልጅ ልከው ቤቱን ያስለካሉ። የእኔንም በሌዘር መለኪያ ለክተውታል። ወርዱ 3.60፣ ርዝመቱ 5.20፣ ከወለል እስከ ጣሪያ 2.70 ሜትር መሆኑን ልጁ በፊቴ ጽፎ ሄዷል። ይህን አስቀድሜ የማነሣው በኋላ «ስሕተት ነው» እንዳይባል ነው።

የተረከብኩት ሬንደር፣ ማለትም በኮምፒውተር የተሠራው የካፌው ሥዕል፣ ያምር ነበር። ረጅም ባንኮኒ፣ ከጀርባው እስከ ላይ የደረሰ መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያው በላይ የቤቱ ስም በትልልቅ የሚያበሩ ፊደላት፣ በባንኮኒው ላይ ሦስት ተንጠልጣይ መብራቶች፣ ከፊት ለፊት ደግሞ እንደ ልብ የተዘረጉ አራት ጠረጴዛዎች። ከሥዕሉ ጋር የሚገዛው ዕቃ ዝርዝር ተሰጠኝ፤ መብራቶቹ የ45 ሳንቲሜትር ቁመት ያላቸው፣ ገመዳቸው 1.20 ሜትር እንዲሆን ተጽፎበታል። በዝርዝሩ መሠረት ገዛሁ፣ የዲዛይኑን 38,000 ብርም ጨርሼ ከፈልኩ።

ጉዱ የወጣው የኤሌክትሪክ ሠራተኛው የመጀመሪያውን መብራት ሲሰቅል ነው። ገመዱን በተጻፈው ልክ ለቀቀው፤ የመብራቱ አፍ ወርዶ አናጺው 1.05 ሜትር አድርጎ ከሠራው ባንኮኒ ገጽ ላይ ዐረፈ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 1.20 ገመድና 0.45 መብራት 1.65 ይሆናል፣ ከ2.70 ሲቀነስ የሚተርፈው 1.05 ነው። አናጺውም መደርደሪያውን በሥዕሉ አምሳያ አቁሞ ሲጨርስ ለታፔላው የቀረው የግድግዳ ቦታ የክንድ ያህል እንኳ አልሆነም። ሥዕሉን ይዤ በቀጥታ ወደ ቢሮው ሄድኩ።

ሥራ አስኪያጁ ስላልነበረ ሥዕሉን የሠራው ወጣት ፋይሉን በስኬችአፕ ከፈተልኝ። «ከወለሉ እስከ ጣሪያው ለካልኝ» አልኩት። ልጁ አመነታ፣ አይጡን ይዞ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ የመለኪያውን ምልክት ወለሉ ላይ ነክቶ ወደ ላይ ሳበው። ስክሪኑ ላይ የወጣው ቁጥር 3.40 ነበር። ራሳቸው ለክተው 2.70 ብለው የጻፉትን ቤት 70 ሳንቲሜትር ቀጥለውበት ነው የሸጡልኝ። «ወንበሩንስ?» አልኩት። መቀመጫው ከወለል 36 ሳንቲሜትር ላይ ነው፤ የተለመደ ወንበር 45 ገደማ ነው። ባንኮኒውን አስለካሁት፤ ጥልቀቱ 42። የእኔ የቡና ማሽን ብቻውን 55 ሳንቲሜትር ይፈልጋል።

በዚህ መካከል ሥራ አስኪያጁ ገባ። ሰላም እንኳ ሳይለኝ ወደ ልጁ ዞሮ «ፋይል ለደንበኛ ይከፈታል?» ብሎ ጮኸበት፣ በእጁም ስክሪኑን አጠፋው። ከዚያ ወደ እኔ ፈገግ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ እርስዎ የገዙት ሥዕል ነው፤ ሥዕል ደግሞ ማማር አለበት። መለካት የአናጺዎ ሥራ ነው» አለኝ። እንግዳ ተቀባይዋ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ቁጥሩን በገዛ ዓይኔ ማየቴን ስነግረው፣ «ደንበኞቻችን እንዲህ ያለ ዝርዝር ውስጥ አይገቡም» ብሎ በሩን አመለከተኝ። ከብሩ ይልቅ እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ንግግሩ ነው፤ የሚገዛው ሰው ሜትር ማንበብ አይችልም ብሎ ነው የሚነግደው።

ለምን እንዳደረጉት ቤቴ ተቀምጬ ሳሰላው ገባኝ። ባንኮኒ በትክክል ቢሠራ 65 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያስፈልገዋል፤ ከጀርባው ባሪስታውና ካሸሩ ሳይጋጩ እንዲተላለፉ 90፤ ከግድግዳው ጋር ያለው የሥራ ጠረጴዛና መደርደሪያ 60። ድምሩ 2.15 ነው፣ ከ3.60 ወርድ ለደንበኛ የሚተርፈው 1.45 ብቻ ነው። በዚያ ላይ የሰው መተላለፊያ ሲታሰብ አራት ጠረጴዛ በፍጹም አይገባም፤ የሚገባው በግድግዳው ርዝመት የሚሄድ ጠባብ መደገፊያና ከፍ ያሉ ዱካዎች ናቸው። ይህን ቢነግሩኝ እቀበል ነበር፣ ደግሞም ብዙ ጥሩ ቡና ቤቶች እንዲህ ናቸው። እነሱ ግን አራት ጠረጴዛ ለማሳየት ባንኮኒውን ወደ 42፣ መተላለፊያውን ወደ 55፣ የኋላውን ወደ 38 አሳንሰው፣ ወንበሩንና ጠረጴዛውንም አብረው አኮማተሩ። ሁሉም አብሮ ስላነሰ ዓይን አይጠረጥርም። ለካሜራውም ሰፊ ሌንስ መርጠውለት ክፍሉ አዳራሽ መሰለ።

የታፔላው ነገር የባሰ ነው። ልጁ ፋይሉን ሲከፍት ታፔላው በሞዴሉ ውስጥ ጨርሶ አልነበረም፤ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ በፎቶሾፕ የተለጠፈ ጽሑፍ ነው። የመደርደሪያው ጫፍ 2.30 ላይ ስለሆነ በሐሰተኛው ጣሪያ 1.10 ሜትር ቦታ ይቀር ነበርና 60 ሳንቲሜትር ፊደል ያለ ችግር ታየበት። በእውነተኛው ቤት የሚቀረው 40 ነው፤ ኅዳጉ ሲቀነስ ፊደሉ ከ25 አይበልጥም። የቤቱ ስም በ«ጨ» ይጀምራል። ታፔላ ሠሪው እንዳስረዳኝ፣ በመረጡልኝ ቀጭን የፊደል አጣጣል በዚህ መጠን «ጨ»ን ከ«ጠ» የሚለዩት ትንንሽ ምልክቶች መብራት የሚገባበት ስፋት አይኖራቸውም፤ ሲበራ ብርሃኑ ይውጣቸውና ከመንገድ ማዶ «ጠ» ሆኖ ይነበባል። መብራቶቹን ከባንኮኒው 75 ሳንቲሜትር ከፍ አድርገን ብንሰቅላቸው ደግሞ ከ1.80 እስከ 2.25 ያለውን ቦታ ይይዛሉ፣ ወረፋ ላይ ለቆመ ሰው በቀጥታ ታፔላውን ይከልላሉ። ስለዚህ መብራቶቹን በትንንሽ መቀየር፣ መደርደሪያውን መቁረጥ፣ ባንኮኒውን አፍርሶ እንደገና መሥራት ግድ ሆነ።

ይህን ለመለየት የሚረዳ አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ በሥዕሉ ላይ በሩን ተመልከቱ። የተለመደ በር 2.10 ሜትር ነው፣ 2.70 በሆነ ክፍል ውስጥ ከግድግዳው ቁመት ከሦስት አራተኛ በላይ መድረስ አለበት። በእኔ ሥዕል ከሦስት እጅ ሁለቱን እንኳ አይሞላም ነበር። ሲቻል ደግሞ ልኬት የተጻፈበት ፕላንና የአንድ ጎን ግድግዳ ሥዕል ሳትረከቡ፣ ሞዴሉም በፊታችሁ ተከፍቶ ሳይለካ የመጨረሻውን ክፍያ አትስጡ።

ዛሬ ጠዋት ገጻቸውን ስከፍት የእኔ ሬንደር ከላይ ተሰቅሏል፣ ከሥሩም «ተሠርቶ የተረከበ ካፌ» የሚል ተጽፎበታል። አራቱም ጠረጴዛዎች አሉበት።